አባቱ የተወለት መቁጠሪያ፦ ስለ ኤልፒ ትንሿ ኤ

ባለፈው እሁድ ከሰአት ሲልቨር ስፕሪንግ አዳራሽ ውስጥ ያወራሁትን ጻፊልን ስላላችሁኝ ይኸው፣ እንደተናገርኩት ነው የጻፍኩት፣ ጥያቄዎቻችሁንም አስገብቻለሁ። የታካሚዬን ታሪክ ያወራሁት በፈቃዱ ነው፣ ማንነቱን የሚያሳይ ነገር ግን ቀያይሬአለሁ፣ ስለዚ ማን ይሆን ብላችሁ አትፈልጉት። ሹፌሩ እያልኩ እጠራዋለሁ።

ሹፌሩ 46 አመቱ ነው። ቀጭን ነው፣ ሲጋራ በአፉ ዞሮ አያውቅም፣ ጾም አያፈርስም፣ ግፊቱ 124 በ78፣ ስኳሩ ደህና። ሚስቱ እያስገደደችው ነው የመጣው። ታላቅ ወንድሙ በ49 አመቱ ዳላስ ውስጥ ሃርት አታክ ይዞት ስቴንት ገብቶለታል። አባታቸው ደግሞ ደሴ በ53 አመታቸው ማታ ራት በልተው ተኝተው ጠዋት አልተነሱም። ቤተሰቡ ሁሌ የሚለው "ቀኑ ደርሶ ነው" ነው፣ እኔም ይሄን አልነቅፍም፣ ግን ሀኪም ሆኜ ስሰማው 53 እና 49 የሚሉት ቁጥሮች ጆሮዬ ላይ ቀሩ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ወንዶች ከ55 አመት በፊት ልባቸው ከታመመ ያ የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም።

የተለመደውን የኮሌስትሮል ምርመራ አየሁት። ኤልዲኤል፣ መጥፎው የሚባለው፣ 124። ጥሩው ኤችዲኤል 52። ትራይግሊሰራይድ 88። ይሄን ሪዛልት ይዞ አስር ሀኪም ጋ ቢሄድ ዘጠኙ "ደህና ነህ፣ ትንሽ ቅባት ቀንስ" ብለው ይሸኙታል። እኔ አንድ ነገር ጨመርኩ፣ በሊፒድ ፓኔሉ ውስጥ የሌለ፣ ለብቻው ካልታዘዘ የማይሰራ። ወረቀቱ ላይ Lipoprotein (a) ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ ስንጠራው ኤልፒ ትንሿ ኤ እንለዋለን። ሪዛልቱ 210 ሆኖ መጣ። ላቡ የሚፈልገው ከ75 በታች ነው፣ ከ125 በላይ ደግሞ ከፍተኛ ይባላል።

ምንድነው ታዲያ ይሄ ነገር? በ1963 በፈረንጆች ኦስሎ ውስጥ ኮረ በርግ የሚባል ኖርዌያዊ የዘረመል ተመራማሪ ነው ያገኘው። ኤልዲኤልን እንደ ትንሽ ኳስ አስቡት፣ ኮሌስትሮል ጭኖ በደም ውስጥ የሚዞር። ኤልፒ ትንሿ ኤ ያው ኳስ ነው፣ ልዩነቱ አንድ ረጅም የፕሮቲን ገመድ ታስሮበታል። ገመዱ ደግሞ ልሙጥ አይደለም፣ ልክ እንደ መቁጠሪያ ነው፣ አንድ አይነት ፍሬ እየተደጋገመ የተሰካበት። እነዚህ ፍሬዎች ክሪንግል ይባላሉ፣ ስማቸውን ያገኙት ከስካንዲኔቪያ ጥምዝ ኩኪስ ነው፣ ቅርጻቸው ስለሚመሳሰል።

አሁን ዋናው ነገር። የፍሬዎቹ ብዛት ከሰው ሰው ይለያያል፣ አንዷ አይነት ክሪንግል አንዱ ሰው ጋ ጥቂት ጊዜ ብቻ፣ ሌላው ጋ ከ40 ጊዜ በላይ ትደጋገማለች። ብዛቱን የሚወስነው ክሮሞዞም 6 ላይ ያለ አንድ ጂን ነው፣ ከእናት አንድ ከአባት አንድ እንወርሳለን፣ ስለዚ እያንዳንዳችን ሁለት መቁጠሪያ አለን ማለት ነው፣ ሁለቱም ይሰራሉ። እና ሰው ሁሌ ተገላቢጦሽ የሚመስለው ነገር ይሄ ነው፦ አጭሩ ገመድ ነው ችግር የሚያመጣው። ለምን ብትሉ ገመዱን የሚሰራው ጉበት ነው፣ ረጅም ገመድ ለመስራትና አጣጥፎ ለማውጣት ጊዜ ይፈልጋል፣ ብዙውም ሳይወጣ እዛው ሴሉ ውስጥ ይፈርሳል። አጭሩ ግን ቶሎ ያልቃል፣ ቶሎ ይወጣል፣ ስለዚ አጭር መቁጠሪያ የወረሰ ሰው ደም ውስጥ ብዙ ኤልፒ ትንሿ ኤ ይኖራል።

ይሄን በደንብ ከያዛችሁ "ለምን አንዴ ብቻ ይለካል" የሚለው ራሱን ይመልሳል። መጠኑን የሚወስነው ጉበት ምን ያህል ያወጣል የሚለው ነው፣ ጉበት ምን ያህል ያወጣል የሚለውን ደግሞ በአብዛኛው የወረስነው ገመድ ነው የሚወስነው። ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ልዩነት የዘር ነው። ህጻን ልጅ አምስት አመት ገደማ ሲሞላው የአዋቂ መጠኑ ላይ ይደርሳል፣ ከዛ በኋላ ብዙም አይነቃነቅም። ጾም አያወርደውም፣ ክትፎም አያወጣውም። ስፖርት ሰርተህ፣ 15 ኪሎ ቀንሰህ ብትመጣ ግፊትህም ስኳርህም ይስተካከላል እሱ ግን እዛው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ለምርመራውም ጾሞ መምጣት አያስፈልግም።

ቦብ ሃርፐርን የምታስታውሱ አላችሁ? ቴሌቪዥን ላይ ሰው ክብደት የሚያስቀንሰው አሰልጣኝ። በ2017 ኒውዮርክ ጂም ውስጥ ስፖርት እየሰራ ልቡ ቆመ፣ 51 አመቱ ነበር፣ እዛው የነበሩ ሰዎች ናቸው ያተረፉት። በኋላ እራሱ እየዞረ የተናገረው ኤልፒ ትንሿ ኤው ከፍተኛ እንደነበር ነው። ስራው ሰውን ጤነኛ ማድረግ የነበረ ሰው ነው እኮ።

አንድ አባት "ታዲያ ይሄ ገመድ ምን ያደርጋል፣ ኳሱ ነው ወይስ ገመዱ የሚጎዳው?" ብለው ጠየቁ፣ ሁለቱም ነው መልሱ። ኳሱ እንደማንኛውም ኤልዲኤል የደም ስር ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ይከማቻል። ገመዱ ደግሞ የተበላሸ ስብ ተሸክሞ ይገባል፣ ቅቤ ክፍት ሆኖ ሲቆይ እንደሚበላሸው አይነት፣ ያ ስብ ግድግዳውን ያስቆጣዋል፣ ያሳብጠዋል። በዛ ላይ የልብ ዋናው መውጫ በር፣ አኦርቲክ ቫልቭ የምንለው፣ ቀስ በቀስ ካልሲየም ይዞ እንዲደርቅና እንዲጠብ ያደርጋል። ስለዚ ከፍተኛ ቁጥር ያለው ሰው ሲተነፍስ የሚያጥረው ወይ ደረት ላይ የልብ ድምጽ ልዩ የሆነበት ከሆነ ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ እናዝዛለን። ገመዱ የደም መርጋትን ከሚያሟሟ ፕላዝሚኖጅን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ዝምድና ስላለው ደም ያረጋል የሚባልም አለ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ይታያል፣ በሰው ላይ ግን በግልጽ አልተረጋገጠም፣ ስለዚ እሱ ላይ ብዙ አልቆይም።

ወደ 210 ልመለስ። ሹፌሩ ሪዛልቱን ስልኩ ላይ ቀዩን ምልክት አይቶ ሌሊቱን አልተኛም። ጠዋት ደውሎ "ዶክተር፣ እንደ አባቴ ልሞት ነው?" አለኝ። እንዲህ አስረዳሁት። እንግሊዝ አገር ከ460 ሺ በላይ ሰው የታየበት ትልቅ ጥናት አለ፣ እዛ ላይ ኤልፒ ትንሿ ኤ በ50 በጨመረ ቁጥር የልብና የደም ስር ህመም እድል በ11 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የነጮቹ መካከለኛ ቁጥር 19 ነበር። 20 ካለው ሰው ጋር የአንተን 210 ስናወዳድር ልዩነቱ 190 ነው፣ ወደ አራት እርምጃ፣ ሲባዛ አንድ ተኩል እጥፍ አካባቢ ይመጣል። አሁን አንተን የሚመስሉ፣ ቁጥራቸው ግን ዝቅተኛ የሆነ 100 ሰዎች ውስጥ በአስር አመት 4ቱ ይታመማሉ ብንል፣ አንተ ያለህበት 100 ውስጥ 6 ይሆናሉ። 94ቱ አይታመሙም። ዝም ብሎ አንድ ተኩል እጥፍ ሲባል ያስፈራል፣ ከ4 ወደ 6 ሲባል ግን ሰው ማሰብ ይጀምራል። ይሄ ግን የአስር አመት ሂሳብ ነው፣ ቁጥሩ ከልጅነት ጀምሮ አብሮት ያለ ስለሆነ በእድሜ ልክ ሲታይ ክፍተቱ ይሰፋል፣ የአባትና የወንድሙ ታሪክም ከዚህ ሂሳብ ውጪ ተጨማሪ ክብደት አለው። ይሄንንም ሳልደብቅ ነገርኩት።

እዚጋ አንዲት እህት "እኛ ጥቁሮች በተፈጥሮአችን ከፍ ይላል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ስለዚ ለኛ ኖርማል ነው ማለት አይደለም?" ብላ ጠየቀች፣ በጣም የወደድኩት ጥያቄ ነው። እውነት ነው፣ በዛው ጥናት የጥቁሮቹ መካከለኛ 75 ነበር፣ የነጮቹ አራት እጥፍ ገደማ። እዛ የተካተቱት በብዛት ከካሪቢያንና ከሌላው አፍሪካ የመጡ ስለሆኑ ልክ የኛ ቁጥር ነው ብዬ አልልም። ግን ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው ማለትና አይጎዳም ማለት ይለያያል። ቁጥሩ ሲጨምር ህመሙ የሚጨምረው በጥቁሮችም ላይ ነው። ብዙ ሰው አለው ማለት ብዙ ሰው መለካት አለበት ማለት ነው እንጂ ይተው ማለት አይደለም።

አሁን ወደሚያሳዝነው የታሪኩ ክፍል። ሹፌሩን ሮሱቫስታቲን 10 ሚሊግራም አስጀመርኩት፣ በሁለት ወር ኤልዲኤሉ ከ124 ወደ 66 ወረደ። ከዛ ጠፋ። ከስምንት ወር በኋላ ፊቱ በርቶ መጣ፣ ስልኩን አውጥቶ "ዶክተር፣ 84 ገባ!" አለኝ። ሌላ ክሊኒክ ሄዶ ኤልፒ ትንሿ ኤውን ደግሞ አስለክቶ ነው፣ ከ210 ወደ 84 ወረደልኝ ብሎ። ነጭ ሽንኩርት፣ ተልባ፣ አብሽ፣ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ። ለሹፌር ጓደኞቹ ሁሉ ቴሌግራም ላይ ልኮላቸዋል። ስታቲኑንም ዳንኩ ብሎ ካቆመው ሶስት ወሩ።

ወረቀቱን አየሁት። የመጀመሪያው ላብ nmol/L ብሎ ነበር የጻፈው። ሁለተኛው mg/dL። ምንም አልወረደም። ያው ራሱ ቁጥር ነው።

በመቁጠሪያው ላስረዳችሁ። ናኖሞል በሊትር የሚለው መቁጠሪያዎቹን አንድ ሁለት ብሎ ይቆጥራል። ሚሊግራም በዴሲሊትር የሚለው ደግሞ ሚዛን ላይ ጭኖ ክብደታቸውን ይነግርሃል። ስለዚ አንዱ ሰው አጫጭር ሌላው ረጃጅም መቁጠሪያ ካላቸው፣ ብዛታቸው እኩል ሆኖ ክብደታቸው ሊለያይ ይችላል። በግምት ሚሊግራሙን በ2 ወይ በ2 ነጥብ 5 ብታባዙት ናኖሞሉ አካባቢ ይመጣል፣ 84ን በ2 ነጥብ 5 ብታባዙት 210። ግን ግምት ነው፣ የሰው ገመድ ስለሚለያይ ለሁሉም ልክ የሚመጣ ማባዣ የለም። ለዛ ነው በቆጠራ የሚለካው ላብ የሚመረጠው። በሚሊግራም ሲሆን ከ30 በታች ዝቅተኛ፣ ከ50 በላይ ከፍተኛ ነው የሚባለው። ሪዛልት ስትቀበሉ መጀመሪያ ከቁጥሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ጽሁፍ አንብቡ።

ይሄን ስነግረው ዝም ብሎ ወለሉን አየ። እኔም ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ነው ያሰብኩት፣ ምክንያቱም ያን ቀን ስለ ዩኒት አልነገርኩትም፣ "ይሄ ቁጥር አይወርድም፣ ደግመህ አትለካው" ብዬም በግልጽ አላልኩትም። አሁን ለሁሉም ታካሚ እላለሁ። ኤልዲኤሉን ለካነው፣ 121 ተመልሷል።

ደግሞ መለካት ጭራሽ የለም ማለቴ ግን አይደለም። የመጀመሪያው የተለካው በከባድ ኢንፌክሽን ወይ ሆስፒታል ተኝታችሁ እያለ ከሆነ ቁጥሩ ስለሚዛባ ድናችሁ ይደገማል። እርግዝና ከፍ ያደርገዋል። ኩላሊት ፕሮቲን በሽንት ማፍሰስ ከጀመረ፣ ታይሮይድ ካነሰ፣ ከፍ ይላል። ከማረጥ በኋላም ሴቶች ላይ ትንሽ ይጨምራል፣ ስለዚ በ35 አመቷ 110 የነበረች ሴት፣ ማለትም ከ75 እስከ 125 ባለው ግራጫ ቦታ ላይ ያለች፣ በ55 አመቷ ብትደግመው ትርጉም አለው። በ35 አመቷ 10 የነበረች ግን ብትደግመው ገንዘብ ማባከን ነው። 210 የነበረም እንደዛው፣ 190 ሆነ 230 ሆነ ህክምናው አይቀየርም።

ህክምናው ምንድነው ታዲያ፣ ቁጥሩ ካልወረደ? ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚ ላይ ነው፣ ሀኪሞችም ጭምር፣ "ምንም ላናደርግለት ለምን እንለካዋለን" የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ገመዱን መንካት ባንችል በዙሪያው ያለውን ሁሉ ማውረድ እንችላለን። 124 ኤልዲኤል ለሌላ ሰው ይለፈው የሚባል ነው፣ ለሹፌሩ ግን አይለፍም። እንዲያውም የልብ ደም ስሮቹ ላይ የተጠራቀመውን ካልሲየም በሲቲ አሳየሁት፣ ነጥቡ 38 መጣ። በ46 አመት የሚጠበቀው ዜሮ ነው፣ ስለዚ ነገሩ ውስጥ ውስጡን ተጀምሯል። ሮሱቫስታቲኑን ወደ 20 አሳደግነው፣ ኢዜቲማይብ ጨመርን፣ ኤልዲኤሉ አሁን 52 ነው። እነዚህ መድሃኒቶች ኤልፒ ትንሿ ኤን አያወርዱም፣ ስታቲን እንዲያውም ትንሽ ከፍ ሊያደርገው ይችላል፣ ያንን አይታችሁ መድሃኒቱን እንዳታቆሙ፣ የሚጠቅማችሁ ኤልዲኤሉን በማውረዱ ነው።

ፒሲኤስኬ9 የሚባሉት መርፌዎች ኤልዲኤልን በጣም ያወርዳሉ፣ ኤልፒ ትንሿ ኤንም ሩብ ያህል ይቀንሳሉ፣ ግን በብዛት የሚሰጡት ለታመመ ሰው ነው፣ ለምሳሌ ለዳላሱ ወንድም። ናያሲን የሚባል ቫይታሚን ቁጥሩን ይቀንሳል ተብሎ ኦንላይን ይሸጣል፣ ቁጥሩን እውነት ይቀንሳል፣ በስታቲን ላይ ሲጨመር ግን ሃርት አታክ እንደማይቀንስ በትላልቅ ጥናቶች ታይቷል፣ ጉዳትም አለው፣ አትግዙት። አስፕሪንን ደግሞ በራሳችሁ አትጀምሩ፣ ጨጓራ ያደማል፣ ለማን ይጠቅማል የሚለው ከሀኪም ጋር የሚወሰን ነው። ጉበቱ ገመዱን እንዳይሰራ ትዕዛዙን የሚያቋርጡ አዳዲስ መርፌዎች አሉ፣ ፔላካርሰን፣ ኦልፓሲራን፣ ሌፖዲሲራን የሚባሉ፣ ቁጥሩን 80 በመቶና ከዛ በላይ እንደሚጥሉት ታይቷል። ቁጥሩ ሲወድቅ ሃርት አታኩም አብሮ ይቀንሳል ወይ የሚለው ነው ትልቁ ጥያቄ፣ እሱን ለመመለስ ነው በሺ የሚቆጠር ሰው ያለበት ጥናት የተጀመረው። ያንን እየጠበቃችሁ ግፊታችሁን እንዳትተዉ።

ለማዘዝ ስትጠይቁ ስሙን በትክክል ንገሩ። አንድ ጊዜ አንዲት እናት አስለኩልኝ ብላ ይዛ የመጣችው ወረቀት Apolipoprotein A-1 የሚል ነበር፣ እሱ ሌላ ነገር ነው፣ የጥሩው ኮሌስትሮል ፕሮቲን፣ እዛ ላይ ከፍ ማለት መጥፎ አይደለም። ስሙ ስለሚመሳሰል ክሊኒክ ውስጥም ይሳሳታሉ። ኢንሹራንሳችሁ ይከፍል እንደሆነም ቀድማችሁ ጠይቁ።

የመጨረሻው ቤተሰቡ ነው። ሹፌሩ አጭሩን መቁጠሪያ ከአባቱ ከወሰደ፣ እያንዳንዱ ወንድምና እህቱ እሱኑ የማግኘት እድላቸው ግማሽ ነው፣ እያንዳንዱ ልጁም ግማሽ። ዳላስ ያለው ወንድሙ ስቴንት ገብቶለት እንኳ ተለክቶለት አያውቅም ነበር፣ ሲለካ 235። እዚ ቨርጂኒያ ያለችው እህታቸው 18። አንድ አባት አንድ እናት፣ አንድ ማእድ፣ እሷ የደረሳት ሌላኛው መቁጠሪያ ነው፣ እሷን ይሄ ጉዳይ አይመለከታትም፣ ልጆቿንም ከሷ ወገን አይመለከታቸውም። አዲስ አበባ ያለችው ታናሽ እህታቸው ምርመራውን ባታገኝ እንኳ ግፊቷንና ኤልዲኤሏን ማስለካት ትችላለች፣ ቢለካና ከፍ ቢልም የምናደርግላት እሱኑ ነው።

አንዲት እናት ከኋላ "ልጄ ላይ ቢገኝ እኔ ነኝ የሰጠሁት ማለት ነው?" አሉ፣ ድምጻቸው እየተንቀጠቀጠ። እማማ፣ አይንዎን የሰጡት መርጠው አይደለም፣ ይሄም እንደዛው ነው፣ ግን አውቀው ሲነግሩት እሱ በ25 አመቱ ሲጋራ እንዳይጀምር ምክንያት ሰጡት ማለት ነው።

የሹፌሩ ትልቋ ልጅ 17 አመቷ ነው፣ ባለፈው ወር ተለካች፣ 190። መድሃኒት አልሰጠኋትም፣ ኤልዲኤሏ 92፣ ግፊቷ ደህና ነው። ስለ ቬፕና ስለ ሽሻ አወራን፣ ስታረግዝ ወይ ስታርጥ ቁጥሩ ከፍ ሊል እንደሚችል ነገርኳት፣ ኤልዲኤሏን በየጊዜው እንድታሳይ፣ ይሄኛውን ግን ማንም ደግሞ እንዳይለካት። ሪዛልቱን ከነዩኒቱ ስልኳ ላይ ፎቶ አንስታ አስቀመጠችው። ትንሹ ወንድሟ ቀጠሮው ሀሙስ ነው።